ጣሪያው የሚያፈሰው ከመሃል ሳይሆን ከጥጉ ነው፦ የሶሌታ ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ እንዴት ይሠራል?

አንድ ነሐሴ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ጂ+2 ቤት እንዳይ ተጠራሁ። ባለቤቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጀመሩኝ። «ልጄ፣ ይኼን ጣሪያ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ሬንጅ አስቀብቼዋለሁ። አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎን ውስጥ ሳፋ እደረድራለሁ።»

ላይ ወጣን። እውነታቸውን ነው፣ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። መሃሉን ተንበርክኬ አየሁት፣ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጣሪያውን ወደሚከበው አጭር ግድግዳ፣ ወደ ፓራፔቱ ሥር ሄጄ ልስኑን በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሬንጁ ግድግዳው ላይ አራት ጣት ያህል ወጥቶ እዚያው ተላጥቷል። በተላጠበት ክፍተት እስክሪብቶዬን ብሰደው እስከ ግማሹ ገባ።

«እማማ፣ ሦስቴም የተቀባው ደህናው ቦታ ነው» አልኳቸው።

ብዙ ሰው ጣሪያ ሲያፈስ መሃል ሜዳውን ያክማል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን የሚያፈሱት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሶሌታውና ፓራፔቱ የሚገናኙበት ጥግ ነው፣ ሌላው የውሃ መውረጃው ዙሪያ። ስለዚህ ይህን ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፤ ቤታችሁን ስታሠሩ ከሙያተኛው ጎን ቆማችሁ የምታዩትን እንድታውቁ።

ሥራው መቼ ይሠራ?

በነሐሴ አይነካም። እማማ «አሁኑኑ ጀምር» ብለው ነበር፣ እኔ ደግሞ ላስቲክ አልብሰን እንድንከርም ለመንኳቸው። እርጥብ ሶሌታ ላይ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያስገባውን የሬንጅ ምንጣፍ፣ ብታለብሱ ውሃውን ከሥር ቆልፋችሁበታል ማለት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ያ ውሃ ተንኖ ሜምብሬኑን እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል። አዲስ አበባ ላይ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል፤ ስክሪድ፣ ማለትም ከሜምብሬኑ ሥር የሚገባውን የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ፣ አፍስሳችሁ እንዲደርቅ ስትጠብቁ ዝናብ ቢመታችሁ ሁለት ሳምንት ይበላችኋል። እኛ የጀመርነው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው።

አሮጌውን ማንሳት

አሮጌ ሬንጅ ላይ አዲስ ሜምብሬን መለጠፍ የተለመደ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን አዲሱ የሚይዘው አሮጌው የያዘውን ያህል ብቻ ነው። አሮጌው ከተላጠ አብሮ ይነሳል። እኛ ሁሉንም አነሳን። ከሬንጁ ሥር አሮጌ ሰድር ነበር፣ ከሰድሩ ሥር ደግሞ 8 ሳንቲም የሚሆን ስክሪድ፤ በድምሩ 11 ሳንቲም ያህል ወጣ። ስክሪዱ ዝናብ ካቆመ ሁለት ሳምንት አልፎትም ከሥር ጭቃ ነበር።

ከፓራፔቱ ሥር አንድ ብሎኬት በመዶሻ ሰበርን። ውሃ ወጣ! ጭላጭ አይደለም፣ ግማሽ ሊትር ይሆናል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከላይ የገባው ውሃ በውስጡ ይወርድና ሥሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ከሬንጁ ጀርባ አልፎ ወደ ሶሌታው ይሰርጋል። ሬንጁን ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሰላሳ ጊዜ ቢቀቡት ዋጋ የለውም፣ ውሃው የሚመጣው ከኋላው ነውና። ከየት ገባ? የፓራፔቱ ራስ ላይ ዝም ብሎ ተለስኗል፤ ክዳን የለውም። ልስኑ ተሰነጣጥቋል፣ የልብስ ማድረቂያ ሽቦ ለማሰር ደግሞ ሦስት ቦታ ተበስቷል።

ሶሌታው ራቁቱን ሲቀር በደንብ ጠርጋችሁ እዩት። የዛገ ፌሮ ከታየ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሳ፣ ቦታው በጥገና ሞርታር ይሞላ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያሳስብም። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ግን መሐንዲስ ሳያየው አትሸፍኑት።

ስሎፕ

ሜምብሬን ውሃ የሚያቆመው ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት ኩሬ ተኝቶበት አይደለም። ውሃ የሚቆምበት ቦታ ላይ አቧራ ይከማቻል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ክፍተት ካለም ኩሬው ጊዜ ወስዶ ያገኛታል። ስለዚህ ውሃው መሄድ አለበት። ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ 1.5 በመቶ ስሎፕ እንዲኖር አድርጉ፤ በ1 ሜትር 1.5 ሳንቲም ማለት ነው። «1 በመቶ ይበቃል» የሚል ግንበኛ ይገጥማችኋል። ወረቀት ላይ ይበቃል። እጅ ግን ይሳሳታል፣ ሶሌታውም መሃል ላይ ትንሽ ይጎብጣል፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የእማማ ጣሪያ 8 ሜትር በ12 ሜትር ነው። የነበሩት ሁለት መውረጃዎች በኋላ በኩል ባለው ረጅም ጎን ላይ ናቸው። ያንኑ ይዘን ውሃውን 8 ሜትር ሙሉ ወደ ኋላ ብንነዳው፣ በፊት በኩል ስክሪዱ 19 ሳንቲም ሊደርስ ነው። ስናሰላው ወደ 12 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 25 ቶን ግድም ሆነ። ይህን አሮጌ ሶሌታ ላይ መጫን አልፈለግንም።

ስለዚህ ጣሪያውን ለሁለት ከፈልነው። መሃሉን በርዝመቱ ከፍ አድርገን ግማሹ ወደ ኋላ፣ ግማሹ ወደ መንገዱ እንዲወርድ አደረግን። በመንገዱ በኩል ሁለት አዲስ መውረጃ ተጨመረ። አራቱም መውረጃዎች ከየጥጋቸው 3 ሜትር ላይ ናቸው። ቁመቱን እንዲህ አወጣነው። መውረጃው ጋ ስክሪዱ 4 ሳንቲም ነው። ከመውረጃው ግራና ቀኝ በፓራፔቱ ሥር ስትሄዱ በየሜትሩ 1 ሳንቲም ይጨምራል፣ ጥጉ ላይ 7 ሳንቲም ይሆናል። ከዚያ ወደ መሃል 4 ሜትር ላይ 6 ሳንቲም ይጨምርና ጫፉ 13 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ወደ 9 ሜትር ኩብ፣ 19 ቶን ገደማ ነው። በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ማለት ነው። አሮጌው ያነሳነው 11 ሳንቲም ከዚህ ትንሽ ይከብድ ስለነበር መሐንዲሱ ፈቀደ። እናንተ ግን ሳታነሱ ከላይ የምትደርቡ ከሆነ ይህን ቁጥር ለመሐንዲስ ሳታሳዩ አንድ ባሬላ አሸዋ እንዳታወጡ።

ይህን ስሎፕ በዓይን ማውጣት አይቻልም። ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ፓራፔቱ ዙሪያ አንድ ልክ መስመር አስምሩ። ከዚያ መስመር ወደ ታች እየለካችሁ በየ2 ሜትሩ የሞርታር ነጥብ አስቀምጡ፤ ነጥቦቹን በሲባጎ አገናኙ። ስክሪዱ ከመፍሰሱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ለዚህ ስጡ። ጋሼ ግንበኛው መጀመሪያ ላይ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በዓይኔ አወጣዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ነጥቦቹን ካስቀመጥን በኋላ በዓይኑ ያሰበውንና የተለካውን አስተያየነው፤ አንዱ ጥግ ላይ 3 ሳንቲም ወደተሳሳተው አቅጣጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ራሱ ነው የያዘው።

ሶሌታው ይራስ፣ የቆመ ውሃ ግን አይኑርበት። ወፍራም የሲሚንቶ ውሃ በመጥረጊያ እየቀባችሁ፣ ሳይደርቅ ስክሪዱን አፍስሱ። ቅልቅሉ 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ ነው፣ ውሃው ትንሽ፤ በእጅ ስትጨብጡት የሚያዝ ግን እጅን የማያርስ። ከ6 ሳንቲም በላይ የሚሆንበት ቦታ ደቃቅ ጠጠር ይጨመርበት፣ አለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፊቱ ደህና ልስልስ ይበል፣ እንደ መስታወት ግን አይሁን። ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት። እዚህ ቤት ላይ የኅዳር ፀሐይ ከባድ ስለነበር ማዳበሪያ ጆንያ አልብሰን ነው ያጠጣነው።

መውረጃው

አንድ መውረጃ ስንት ውሃ ይሸከማል? ከባድ ዝናብ በሰዓት 100 ሚሊሜትር እንበል። እያንዳንዱ መውረጃ 24 ካሬ ሜትር ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ በደቂቃ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይመጣበታል። ለባለ 100 ሚሊሜትር ቱቦ ይህ ቀላል ነው። ችግሩ ስፋቱ ሳይሆን መደፈኑ ነው። ፌስታል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ በረዶው ራሱ ይደፍነዋል። ስለዚህ መውረጃው ላይ ጠፍጣፋ ወንፊት ሳይሆን ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ክዳን ይቀመጥ፤ ሥሩ ቢደፈን በላዩ ይገባል። በተጨማሪ በየጎኑ ፓራፔቱን የሚበሳ አንድ የትርፍ ውሃ መውጫ አድርጉ፣ ከመውረጃው 6 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ። እዚያ ቱቦ ውሃ ሲተፋ ካያችሁ መውረጃው ተደፍኗል ማለት ነው። ግን ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይተፋ። ጠቡ ከጣሪያው ይከፋል።

ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ይህ ነው፦ ፒቪሲ ቱቦ በሶሌታው ውስጥ አልፎ ልክ ከላይ ይቆረጥና ሜምብሬኑ በእሳት ይለጠፍበታል። ፒቪሲ በእሳት ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፤ ሜምብሬኑም አይይዘውም። አንድ ክረምት ሳይሞላ ክብ ስንጥቅ ይሠራል። ማድረግ ያለባችሁ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው፣ ለሜምብሬን የተሠራ የጎማ ወይም የብረት መውረጃ አፍ መግዛት ነው። ጠርዙ በሁለቱ የሜምብሬን ንጣፎች መካከል ይቀበራል፣ አንገቱ ቱቦው ውስጥ 15 ሳንቲም ያህል ይገባል።

ሌላ ደግሞ አለ። መውረጃው ዙሪያ 50 በ50 ሳንቲም ያህል ቦታ ስክሪዱን 1.5 ሳንቲም ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩት። ለምን? እዚያ ቦታ ላይ የማጠናከሪያ ቁራጭ፣ አንደኛ ንጣፍ፣ የመውረጃው ጠርዝ፣ ሁለተኛ ንጣፍ ይደራረባሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ1 ሳንቲም ይበልጣል። ዝቅ ካላደረጋችሁት ቆንጆ ስሎፕ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ መውረጃው ጉብታ ላይ ይቀመጣል፣ ዙሪያው ኩሬ ይሆናል።

ጥጉ

ሜምብሬን 90 ዲግሪ መታጠፍ አይወድም። ጥጉ ላይ ከሥሩ አየር ይይዝና የሆነ ሰው ሲረግጠው ይበሳል። ስለዚህ ፓራፔቱ ሥር ዙሪያውን በሞርታር 5 በ5 ሳንቲም የተንጋደደ ልስን ሥሩ፣ ሜምብሬኑ በ45 ዲግሪ ሁለት ጊዜ እንዲታጠፍ።

የፓራፔቱ የውስጥ ፊት ሙሉ በሙሉ ይለሰን፣ ሜምብሬን ባዶ ብሎኬት ላይ አይለጠፍም። ራሱ ላይ ደግሞ ክዳን ይደረግ። እኛ አርማታ ክዳን አፈሰስን። ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፣ በሁለቱም በኩል 4 ሳንቲም ወጣ ይላል። ከሥሩም ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ ጣት የምታህል ቦይ አለው። በላሜራ መሥራትም ይቻላል። የእማማን ጣሪያ ያፈሰሰው ዋናው የዚህ ክዳን አለመኖር ነው። ከሁሉ ወጪ ደግሞ ትንሹ እሱ ነበር።

አዲስ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ የፓራፔቱን የታችኛውን 30 ሳንቲም ከሶሌታው ጋር አብራችሁ በአርማታ አውጡት። ብሎኬቱ ከዚያ በላይ ይጀምር። ያኔ ከኋላ የሚመጣ ውሃ አይኖርም።

መድረቁን ማወቅ

ስክሪዱ ከላይ ነጭ ሆኖ ከውስጥ እርጥብ ሊሆን ይችላል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ግልጽ ላስቲክ ማታ ላይ አንጥፉ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር ዝጉት። ጠዋት ላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ገና ነው። እኛ ውሃ ማጠጣት ካቆምን በ12ኛው ቀን ሞከርን፣ ጤዛ ነበር። ሠራተኞቹ ቀናቸው እየሄደ ስለሆነ «ምንም አይልም፣ እሳቱ ያደርቀዋል» አሉ። እሳቱ ፊቱን ነው የሚያደርቀው። በ20ኛው ቀን ደረቀ።

ከዚያ ጥረጉት፣ አቧራውን በመንፊያ አስወጡ፣ ሜምብሬኑ እንዲይዝ የሚረዳውን ፕራይመር ቀቡ። ለአንድ ካሬ ሜትር ሩብ ሊትር ግድም ይበቃል። ፓራፔቱም እስከ 25 ሳንቲም ይቀባ። ፕራይመሩ ጣት ላይ መቅረት እስኪያቆም ጠብቁ፤ ሳይደርቅ እሳት ካስጠጋችሁ ይቀጣጠላል። ላይ የእሳት ማጥፊያ ሳይኖር ሥራው አይጀመር፤ የጋዝ ሲሊንደሩም ከሚሠራበት ቦታ ራቅ ይበል።

ሜምብሬኑ

የተጠቀምነው ኤፒፒ የሚባለውን፣ በእሳት የሚለጠፍ 4 ሚሊሜትር ሜምብሬን ነው፣ ሁለት ንጣፍ። አንድ ጥቅል 1 ሜትር በ10 ሜትር ነው፣ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በወረቀት 10 ካሬ ነው፣ መደራረቡ ሲቀነስ ግን ከ9 ካሬ በታች ነው የሚሸፍነው። ለዚህ ጣሪያ ለአንድ ንጣፍ ለሜዳው 11፣ ለፓራፔቱና ለቁርጥራጩ 3 ጥቅል ሄዷል። ለሁለቱ 28። ጥቅሎቹን ፀሐይ ላይ አጋድማችሁ አትደርድሩ፣ ተጣብቀውና ተጣመው ታገኟቸዋላችሁ። አቁሟቸው።

የሚጀመረው ከታች፣ ከመውረጃው በኩል ነው። ጥቅሉ ከፓራፔቱ ጋር ትይዩ ይዘረጋል፣ ቀጣዩ ከላዩ ይደረባል፣ እንዲህ እያለ ወደ መሃል ይወጣል። ቆርቆሮ እንደመምታት አስቡት፤ የላይኛው ሁልጊዜ የታችኛውን ይሸፍናል። በጎን 10 ሳንቲም፣ በጫፍ 15 ሳንቲም ይደራረብ። የመጀመሪያው ጥቅል ሲዘረጋ መውረጃው መገጣጠሚያ ላይ እንዳይውል አስተካክሉት። ከሱ በፊት መውረጃው ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የማጠናከሪያ ቁራጭ ይለጠፋል።

እሳቱ የሚመታው የጥቅሉን ሆድ ነው። ከሥሩ ያለችው ስስ ላስቲክ ቀልጣ ፊቱ ሲያብረቀርቅ ወዲያው እየገፋችሁ ዘርጉት። ሳይቀልጥ ከዘረጋችሁት አይያዝም። ከልክ በላይ ካቃጠላችሁት ውስጡ ያለው ጨርቅ ይታያል፣ ያ ቦታ ሞቷል።

ሙያተኛው ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? መደራረቢያው ጠርዝ ላይ እዩ። የቀለጠ ሬንጅ ግማሽ ሳንቲም ያህል ወጥቶ እንደ ገመድ ተከታታይ መስመር ሊሠራ ይገባል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ካለ እዚያ አልተያዘም። ሲቀዘቅዝ የግንበኛ ማንካ ጫፍ ይዛችሁ በጠርዙ ላይ እየገፋችሁ ሂዱ። ጫፉ ከገባ ይከፈትና እንደገና ይለጠፍ። እኔ ይህን በራሴ እጅ ነው የማደርገው፣ ለማንም አልተውም። በአንደኛው ንጣፍ ላይ አራት ቦታ አገኘሁ። አራቱም ሦስት ጥቅል የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበሩ። እዚያ ላይ የሜምብሬኑ ውፍረት ደረጃ ይፈጥርና ከጎኑ የክብሪት እንጨት የምታስገባ ቀዳዳ ይቀራል። መፍትሔው መሃል ላይ የሚውለውን ቁራጭ ጥግ በሰያፍ መቁረጥ ነው። ሠራተኛው «ለምን ትቆርጠዋለህ?» ካለ እስክሪብቶ አስገብታችሁ አሳዩት።

ሁለተኛው ንጣፍ በዚያው አቅጣጫ ይዘረጋል፣ በመስቀለኛ አይደለም። የመጀመሪያውን ጥቅል በርዝመቱ ለሁለት ቆርጣችሁ በግማሹ ጀምሩ። እንዲህ ከሆነ የላዩ መገጣጠሚያ የሥሩ መሃል ላይ ይውላል። ሙሉ በሙሉ ይጣበቅ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አይደለም።

ፓራፔቱ ላይ ማውጣት

እዚህ ጋ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ። የሜዳው ሜምብሬን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይወጣም። እስከተንጋደደው ልስን አናት ድረስ ብቻ ይሄዳል። ግድግዳው የራሱ ቁራጭ አለው። ረጅም አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ክብደቱ ይጎትተውና ሳይያዝ ወደ ታች ይንሸራተታል። 1 ሜትር 1 ሜትር እየቆረጣችሁ፣ በጎን 10 ሳንቲም እየደረባችሁ ለጥፉ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሜዳው አንደኛ ንጣፍ፣ ከዚያ የግድግዳው አንደኛ። ይህኛው ሜዳው ላይ 15 ሳንቲም ይተኛል፣ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም ይወጣል። ከዚያ የሜዳው ሁለተኛ፣ ከዚያ የግድግዳው ሁለተኛ፤ ይህ ሜዳው ላይ 20 ሳንቲም፣ ግድግዳው ላይ 25። እንዲህ ሲሆን ጥጉ ላይ ተደራርቦ አራት እጥፍ ይሆናል። የውሃው ከፍታ ምንም ያህል ቢሆን ሜምብሬኑ ሥራው ካለቀ በኋላ ካለው ወለል ከ15 ሳንቲም በታች መቆም የለበትም። ወደ ጣሪያ የሚያወጣ በር ካለም ደፉ እንዲሁ ከፍ ይበል። የተረሳ ቦታ ነው።

የሜምብሬኑ የላይኛው ጫፍ እንዴት ይዘጋ? አርማታ ግድግዳ ከሆነ በግራይንደር 2.5 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ቦይ ቆርጣችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ በማስቲክ ሙሉት። ብሎኬት ላይ ግን ይህን አታድርጉ። የብሎኬቱ ግድግዳ ራሱ ወደ 3 ሳንቲም ነው፣ ትበሱታላችሁ። እኛ ጠፍጣፋ አልሙኒየም በየ20 ሳንቲሙ በፊሸርና በብሎን አስረን ጫፉን ጨመቅነው። ከላዩ ማስቲክ፣ ከማስቲኩ በላይ ደግሞ ውሃውን ወደ ፊት የሚጥል ትንሽ ላሜራ። ዝም ብሎ ተለጥፎ የቀረ ጫፍ በፀሐይ በሁለት በሦስት ዓመት ይገለበጣል፣ ከዚያ እንደ ኪስ ውሃ ይቀበላል። የእስክሪብቶዬ ታሪክ ይኸው ነው።

ውሃ ሞልቶ መሞከር

ክፍያ ከማለቁ በፊት። መውረጃዎቹን በጨርቅና በላስቲክ ድፈኑ፣ ገመድ እሰሩበት (አለዚያ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አይቻለሁ)። መውረጃው ጋ 5 ሳንቲም እስኪደርስ ውሃ ሙሉ። በዚህ ጣሪያ ላይ 5 ሳንቲም ውሃ ከመውረጃው ወደ መሃል 2 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ጥጎቹ ከመውረጃው 3 ሳንቲም ከፍ ስለሚሉ እዚያ 2 ሳንቲም ይደርሳል። ስለዚህ የረጅሙን ፓራፔት ሥር ሙሉውን ይፈትናል። መሃሉን ለማልበስ ብላችሁ ግን አትጨምሩ። 5 ሳንቲም ውሃ በካሬ 50 ኪሎ ነው፣ ለዚህ ሲባል ሶሌታ አይጫንም። የቀረውን ቦታና አጭሩን ፓራፔት በጎማ ውሃ እያጠጣችሁ ፈትኑ።

48 ሰዓት ይቆይ። የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ግን ውሃ በፀሐይም ይቀንሳል። ታዲያ ፈሰሰ ወይስ ተነነ? አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ እዚያው ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፣ እሱም ላይ ምልክት ይኑር። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው። ጣሪያው ከባልዲው በግልጽ ከበለጠ የሚያመልጥበት አለ። እማማ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ባልዲውን ራሳቸው ያዩ ነበር። በሁለተኛው ቀን «እኩል ናቸው» ብለው ደወሉልኝ። ታች ኮርኒሱን በባትሪ አየነው፣ ደረቅ ነው።

ከላይ ምን ይሁን?

ጥቁር ሜምብሬን ራቁቱን አይተው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ይበላዋል። ማንም የማይወጣበት ጣሪያ ከሆነ ሁለተኛው ንጣፍ ፊቱ ላይ ደቃቅ የድንጋይ ፍርፋሪ የተለጠፈበት ዓይነት ይሁን፣ ያ ይበቃዋል። ልብስ የሚሰጣበት ከሆነ ግን፣ እንደ እማማ፣ ጨርቅ ይነጠፍና ከላዩ 5 ሳንቲም መከላከያ ስክሪድ ይፈስሳል፣ በየ2 ሜትሩ ተቆርጦ። ከፓራፔቱ ጋር አይነካካ፣ 2 ሳንቲም ክፍተት ይኑር። አለዚያ በሙቀት ሲለጠጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ሜምብሬን ይገፋዋል። ይህም በካሬ 100 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። የእማማን ጣሪያ ክብደቱን ስለፈራን ባለ ፍርፋሪውን አለበስነውና ለልብሱ መሄጃ ብቻ ጠፍጣፋ ንጣፎችን በጎማ ላይ አስቀመጥን።

የውሃ ታንከሩ እግር ሥር ተጨማሪ የሜምብሬን ቁራጭ ይለጠፍ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ የአርማታ ጡብ። ከመስከረም በኋላና ከሰኔ በፊት አንድ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ መውረጃውን ጥረጉ፣ የአልሙኒየሙ ላይ ያለውን ማስቲክ በጣት ጫኑት። ጠንክሮ ከተሰነጠቀ ይቀየር።

በሚቀጥለው ሐምሌ እማማ ደወሉ። ልቤ ደነገጠ። «ልጄ፣ ዲሽ የሚያስተካክል ልጅ መጥቷል፣ ጣሪያው ላይ ሊበሳ ነው፣ ምን ልበለው?» የዲሹን እግር አርማታ በተሞላ ባልዲ ላይ እንዲያስር፣ ድሪሉንም ታች እንዲተው ይንገሩት አልኳቸው።